ለወላጆች የሚላኩ የክፍያ፣ የቀሪና የሥነ ምግባር መልእክቶችን ወደ ማሳወቂያ ደብዳቤ ስለ መለወጥ

ይህ ገጽ የክፍል ኃላፊ መምህራን፣ የትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ሠራተኞችና ወላጆች እንዲገለገሉበት የተዘጋጀ ነው። መምህሩ በዕረፍት ሰዓት በስልኩ የሚጽፈው አጭር መልእክት እንዴት ተጣርቶ ወላጅን የሚያከብርና ለመዝገብ የሚበቃ ደብዳቤ እንደሚሆን በአንድ ማሳያ ያስረዳል። በማሳያው የተጠቀሱት ተማሪ፣ ቀናትና የገንዘብ መጠን ለማስረዳት ብቻ የቀረቡ ናቸው።

መነሻ መልእክቱ

በአንድ የግል ትምህርት ቤት፣ ረቡዕ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የምሳ ሰዓት ሊያበቃ አምስት ደቂቃ ሲቀረው የ5ኛ «ለ» ክፍል ኃላፊ መምህር በክፍሉ ወላጆች የቴሌግራም ቡድን ላይ የሚከተለውን ጻፉ እንበል።

«የእገሌ ወላጅ፣ የጥቅምትና የኅዳር አልከፈላችሁም። ልጁም ስንት ቀን ነው የቀረው? ሲመጣ ደግሞ ክፍል ይረብሻል፣ ልጅ ይማታል። ነገ ወላጅ ሳይዝ እንዳይመጣ።»

መምህሩ ይህን የጻፉት በክፋት አይደለም። የተሰማቸውን ሁሉ ደወል ከመደወሉ በፊት በአንድ ትንፋሽ ተናግረውታል። ይሁን እንጂ መልእክቱ የአንድን ቤተሰብ የገንዘብ ሁኔታ በቡድኑ ላሉት ወላጆች ሁሉ ገልጧል። ማንበብ የማይችል ወላጅ ባለበት ቤት ደግሞ መልእክቱን የሚያነበው ጎረቤት ወይም ተከሳሹ ልጅ ራሱ ነው። በዚያም ላይ በመልእክቱ ውስጥ የተጠቀሱት ሦስት ጉዳዮች እያንዳንዳቸው የተለየ ኃላፊ፣ የተለየ ማስረጃና የተለየ መፍትሔ ያላቸው ሲሆኑ፣ እዚህ አንዱ የሌላው ማባባሻ ሆነው ቀርበዋል። ክፍያ ያልከፈለ ወላጅ ልጅ ስለሆነ ይረብሻል የተባለ ያህል ይሰማል።

ከመጻፍ በፊት መዝገብ ማየት

ብዙውን ጊዜ ደብዳቤውን የሚያበላሸው የቃላት ሻካራነት ብቻ አይደለም፤ ያልተጣራ ነገር በጨዋ ቋንቋ ሲጻፍም ያው ያልተጣራ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መልእክቱን በሦስት ከፍሎ እያንዳንዱን ከመዝገብ ጋር ማመሳከር ነው።

በማሳያችን የሒሳብ ክፍሉ ሲጠየቅ የጥቅምት ወር ክፍያ ጥቅምት 20 ቀን በባንክ ገቢ ሆኖ ተገኝቷል። ያልተመዘገበው በባንክ ደረሰኙ ላይ የከፋይዋ ስም ብቻ ስላለና የተማሪው ስም ስላልተጻፈ ነው። ይህ በየትምህርት ቤቱ የሚያጋጥም ስሕተት ነው፤ ገንዘቡ ገብቷል፣ የማን እንደሆነ ግን አልታወቀም። የቀረው የኅዳር ወር ክፍያ ብቻ ነው።

የስም መጥሪያ መዝገቡ ደግሞ «ስንት ቀን» የተባለውን በቁጥር ይመልሳል። ተማሪው ሰኞ ኅዳር 1፣ ማክሰኞ ኅዳር 2 እና ሰኞ ኅዳር 8 ቀርቷል፤ ማክሰኞ ኅዳር 9 ደግሞ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በኋላ ደርሷል። ቀናቱ በዝርዝር ሲጻፉ መምህሩ በችኮላ ያላዩት ነገር ይታያል፦ በሁለቱም ሳምንታት ሰኞ ቀርቷል። ምክንያቱን ገና ማንም አያውቅም፤ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ግን ከወዲሁ ታውቋል።

«ልጅ ይማታል» የተባለውም ሲጣራ ማክሰኞ ኅዳር 9 በዕረፍት ሰዓት የደረሰ አንድ ግጭት ነው። በዚህ የትምህርት ዓመት ከዚያ በፊት በተማሪው ላይ የተመዘገበ ተመሳሳይ ነገር የለም። «ይማታል» የሚለው ግሥ ልማድን ያመለክታል፤ «ገፍቷል» የሚለው አንድን ድርጊት ይናገራል። በእነዚህ ሁለት ግሦች መካከል ያለው ልዩነት ልጁ በቤቱ የሚጠብቀውን አቀባበል ሊወስን ይችላል።

ደብዳቤው ለማን ይጻፋል?

በእኛ አገር የተማሪው ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የአባቱ ስም ስለሆነ፣ በችኮላ ደብዳቤ የሚያዘጋጅ ሠራተኛ ከስም ዝርዝሩ ላይ አይቶ «ለአቶ» ብሎ የአባቱን ስም ያስከትላል። አባት በሕይወት የሌሉ፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ወይም ልጁን የማያሳድጉ ሊሆኑ ይችላሉ። ለሞተ ሰው በስሙ የተጻፈ «ክፍያ አልፈጸሙም» የሚል ደብዳቤ ቤት ሲደርስ የሚያስከትለውን ሐዘን ማሰብ አያስቸግርም። በማሳያችን የምዝገባ ቅጹ ሲታይ የተማሪው አባት በሕይወት እንደሌሉና አሳዳጊው አክስቱ እንደሆኑ ተገኝቷል። በባንክ ደረሰኙ ላይ ያለውም ስም የእርሳቸው ነው።

ስለዚህ ስሙ ከምዝገባ ቅጹ ላይ ካለው የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ስም ይወሰዳል። ቅጹ ግልጽ ካልሆነ «ለተማሪ ……… ወላጅ ወይም አሳዳጊ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። በደብዳቤው ውስጥ አንባቢው «እርስዎ» እየተባሉ ይጠራሉ፤ በስልክ መልእክት የተለመደው «እርሶ» የአጻጻፍ ስሕተት ነው። «አልከፈላችሁም» የሚለው የብዙ ቁጥር ደግሞ ቤተሰቡን በጅምላ የሚወቅስ ስለሆነ በደብዳቤ ቦታ የለውም።

የግሡ ክብደት

በጽሕፈት ቤት አማርኛ «እናሳውቃለን»፣ «እናስታውሳለን»፣ «እናሳስባለን» እና «እናስጠነቅቃለን» የሚሉት ግሦች በክብደት ደረጃ ይለያያሉ። የመጀመሪያው ያልታወቀን ነገር ይነግራል። ሁለተኛው የታወቀና ምናልባት የተረሳ ነገርን ያነሣል። «እናሳስባለን» ቀደም ሲል ተነግሮ ያልተፈጸመ ነገር እንዳለ ያመለክታል፤ «በጥብቅ» ሲታከልበትም ይበልጥ ይከብዳል። «እናስጠነቅቃለን» ደግሞ በደንብ የተወሰነ ቅጣት ከኋላው ላለው ጉዳይ ብቻ የሚውል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጻፍ ደብዳቤ «በጥብቅ እናሳስባለን» ብሎ ከጀመረ ለሁለተኛው ደብዳቤ የሚቀር ቃል የለም። ወላጁም ያልደረሳቸው የቀድሞ ደብዳቤ እንዳለ ይጠረጥራሉ።

«አስፈላጊው እርምጃ ይወሰዳል» የሚለው የተለመደ መዝጊያም ቢቀር ይሻላል። ምን እርምጃ፣ በማን፣ መቼ የሚለውን አይመልስም፤ አንባቢው ሊታረሙበት የሚችሉት ነገር የለውም፣ ይፈሩበታል እንጂ። በደንቡ የተወሰነ ነገር ካለ የደንቡ ይዘት በግልጽ ይጻፍ፤ ከሌለ ይተው። «ወላጅ ሳይዝ እንዳይመጣ» የሚለው ደግሞ ሦስት ቀን የቀረን ተማሪ ለአራተኛ ቀን የሚያስቀር ትእዛዝ ነው። ተማሪን ከክፍል ማገድም በአንድ መምህር መልእክት የሚፈጸም ነገር አይደለም።

የክፍያ ደብዳቤ

የክፍያ ጉዳይ በሒሳብ ክፍል ፊርማ ይወጣል። መምህሩ ገንዘብ ጠያቂ ሆነው ሲታዩ ስለ ልጁ ትምህርት የሚናገሩት ነገር ሁሉ በዚያ ዓይን ስለሚሰማ፣ እርሳቸውን ከዚህ ማራቅ ለሁሉም ይጠቅማል።

ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለወ/ሮ ………
የ5ኛ «ለ» ክፍል ተማሪ ……… አሳዳጊ
ጉዳዩ፦ የኅዳር ወር የትምህርት ክፍያን ይመለከታል

ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. በባንክ ገቢ ያደረጉት የጥቅምት ወር ክፍያ ደርሶን የተመዘገበ መሆኑን እናሳውቃለን። ደረሰኙ ላይ የተማሪው ስም ባለመኖሩ ምዝገባው በመዘግየቱ ይቅርታ እንጠይቃለን። የኅዳር ወር ክፍያ ብር 1,850 ግን ይህ ደብዳቤ እስከ ተጻፈበት ቀን ድረስ በመዝገባችን ላይ አልታየም። እስከ ዓርብ ኅዳር 19 ቀን ድረስ እንዲከፍሉልን፣ በሚከፍሉበትም ጊዜ የተማሪውን ሙሉ ስምና ክፍል በደረሰኙ ላይ እንዲያስጽፉ በአክብሮት እንጠይቃለን። ቀደም ብለው ከፍለው ከሆነ ደረሰኙን ለሒሳብ ክፍሉ ቢያሳዩን ወዲያውኑ እናስተካክላለን። በተባለው ቀን ለመክፈል የሚያስቸግር ሁኔታ ካለ ከሒሳብ ክፍል ኃላፊው ጋር በግል መነጋገር ይችላሉ።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማና ማኅተም)

«አልከፈሉም» በሚለው ፈንታ «በመዝገባችን ላይ አልታየም» መባሉ ለማለዘብ ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤቱ በእርግጠኝነት የሚያውቀው ይኸንኑ ብቻ ነው፤ የጥቅምቱ ክፍያ ታሪክም ይህንኑ አሳይቷል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ከወላጆች መዋጮ ሲጠየቅ ደግሞ «ክፍያ» እና «የክፍያ ቀነ ገደብ» የሚሉት ቃላት አይገቡም። መዋጮው በወላጆች ስብሰባ የተወሰነ ከሆነ ስብሰባው የተደረገበት ቀንና ገንዘቡ የሚውልበት ሥራ ይጻፋል።

የቀሪ ደብዳቤ

ተማሪ ሲቀር ደብዳቤ ከሁሉም የዘገየው መንገድ ነው። ወላጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት እንዳለ እያሰቡ ልጁ በመንገድ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በቀረበት በዚያው ቀን ጠዋት ስልክ መደወል ያስፈልጋል። ደብዳቤው ስልኩን ተከትሎ፣ ቀሪው ሲደጋገም የሚጻፍ ነው። ዋናው አንቀጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

«ተማሪ ……… ሰኞ ኅዳር 1፣ ማክሰኞ ኅዳር 2 እና ሰኞ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም. በትምህርት ገበታ ላይ አለመገኘቱ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀንም ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በኋላ መድረሱ በስም መጥሪያ መዝገብ ሰፍሯል። የቀረበት ምክንያት እስካሁን ለትምህርት ቤቱ አልደረሰም። ሕመም ከነበረ የሐኪም ማስረጃ፣ ሌላ ችግር ካለም በቃል ወይም በጽሑፍ ቢያስረዱን በመዝገቡ ላይ እናሰፍራለን። በቀረባቸው ቀናት በሒሳብ ትምህርት የክፍልፋይ ቁጥሮች መደመርና መቀነስ የተሰጠ በመሆኑ፣ ያመለጠውን የሚያካክስበት መልመጃ በደብተሩ ውስጥ ተያይዟል።»

«የቀረበት ምክንያት አልደረሰም» የሚለው ዓረፍተ ነገር «ያለ ምክንያት ቀርቷል» ከሚለው ጋር መምታታት የለበትም። ሁለተኛው ፍርድ ነው፤ ሰው ሳይጠየቅ አይፈረድም።

የሥነ ምግባር ደብዳቤ

ከሦስቱ የሚከብደው ይኸኛው ነው። «ረባሽ»፣ «ባለጌ»፣ «ሰነፍ»፣ «አስቸጋሪ» የሚሉት ቃላት ስለ ልጁ ማንነት ስለሚናገሩ ወላጅ የሚቀራቸው ምርጫ ሁለት ብቻ ይሆናል፦ ልጁን መከላከል ወይም ልጁን መምታት። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ትምህርት ቤቱ ራሱ የማይፈጽመውን ቅጣት «ቅጡልን» ወይም «በቤት እርምጃ ውሰዱ» በሚል ቃል ወደ ቤት ማስተላለፍም አይገባውም።

የድርጊት ዘገባ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የሆነውንና ትምህርት ቤቱ ያደረገውን ይዟል። በማሳያችን እንዲህ ይጻፋል።

«ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ከ4ኛው ክፍለ ጊዜ በፊት በነበረው ዕረፍት፣ ተማሪ ……… በመቀመጫ ቦታ ምክንያት ከክፍል ጓደኛው ጋር ተጋጭቶ ገፍቶታል። ጓደኛው ወድቆ ክንዱ በመጠኑ ተጭሯል፤ በትምህርት ቤቱም የመጀመሪያ እርዳታ ተደርጎለታል። ሁለቱን ተማሪዎች ለየብቻ አነጋግረናል። ልጅዎ መግፋቱን አምኖ ጓደኛውን ይቅርታ ጠይቋል። በዚህ የትምህርት ዓመት ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ሁኔታ አልተመዘገበም። ልጅዎን በጋራ ለመደገፍ እንድንነጋገር ዓርብ ኅዳር 12 ቀን ከቀኑ 9፡30 ሰዓት ወይም ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት፣ ከሚመችዎ በአንዱ እንዲገኙልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ሁለቱም የማያመቹ ከሆነ በስልክ ቢያሳውቁን ሌላ ጊዜ እንወስናለን።»

በዚህ ውስጥ የሌላው ተማሪ ስም አልተጠቀሰም፤ ከተጠቀሰ ጉዳዩ በዚያው ምሽት በሁለት ቤተሰቦች መካከል ጠብ ሊሆን ይችላል። ልጁ ማመኑና ይቅርታ መጠየቁ የተጻፈው ለማሞገስ ሳይሆን የተፈጸመ እውነት ስለሆነና ወላጅ ያለቀውን ነገር እንደ አዲስ እንዳይጀምሩት ነው። ሁለት የቀጠሮ ጊዜ መሰጠቱ በቀን ሥራ ለሚተዳደሩ ወላጆች ትልቅ ነገር ነው፤ «ነገ ጠዋት» የሚለው ትእዛዝ የአንድ ቀን ገቢ ሊያሳጣቸው ይችላል።

ንብረት ሲጠፋ ጥንቃቄው እጥፍ ይሆናል። «ሰርቋል» ተብሎ አይጻፍም። «የጠፋው መጽሐፍ በተማሪው ቦርሳ ውስጥ ተገኝቷል፤ እንዴት እንደገባ ገና እየተጣራ ነው» ማለት የታየውን ብቻ መናገር ነው።

በሌላ በኩል አክብሮት ማለት ርዝመት አይደለም። በሦስት መስመር የሰላምታና የምስጋና ቃል የሚጀምር፣ ጉዳዩን በመጨረሻ የሚያነሣ ደብዳቤ ወላጅን ያስጨንቃል፤ ክፉ ወሬ የሚነገር ይመስላቸዋልና። ጉዳዩ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይግባ።

አሰጣጥ

ሦስቱ ደብዳቤዎች በተለያየ ፖስታ ታሽገው ይላካሉ፤ ወላጅ መቀበላቸውን የሚፈርሙበት ትንሽ ወረቀት አብሮ ይሆናል። ቅጂው በተማሪው ማኅደር ይቀመጣል። ወላጅ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ወይም የሚናገሩት ሌላ ቋንቋ ከሆነ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ የትምህርት ቤቱ ባልደረባ በስልክ ያነብላቸዋል፤ ልጁ እንዲያነብ ወይም እንዲተረጉም አይደረግም። በወላጆች የቴሌግራም ቡድን ላይ የሚጻፈው ሁሉንም የሚመለከት ነገር ብቻ ነው፦ የፈተና ቀን፣ የስብሰባ ቀን፣ ትምህርት የማይኖርበት ቀን። የተሳሳተ መልእክት ቀድሞ ተልኮ ከሆነ መምህሩ ከቡድኑ ያነሡታል፤ ለወላጅም ለብቻቸው ደውለው ይቅርታ ይጠይቃሉ።

በማሳያችን አክስቲቱ ማክሰኞ ኅዳር 16 ጠዋት ተገኝተዋል። ሰኞ የገበያ ቀን በመሆኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንደሚወጡ፣ የአራት ዓመቷን ሕፃን የሚጠብቅላቸው ጎረቤት ስለታመመች ልጁ እየቀረ እንደጠበቃት አስረድተዋል። በኅዳር 9 ቀን የዘገየውም፣ በተቀመጠበት ቦታ ሌላ ልጅ ተቀምጦ ያገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። የክፍል ኃላፊው ምክንያቱን በስም መጥሪያ መዝገቡ ላይ አስፍረዋል፤ ሕፃኗ ሰኞ ሰኞ የምትቆይበት ሌላ ቤት እስኪገኝ ድረስ የሰኞ መልመጃ ማክሰኞ ጠዋት እንዲሰጠው ተስማምተዋል።

ወላጆች ሊያደርጉ ስለሚችሉት

ከመምህር የደረሰዎ መልእክት ግልጽ ካልሆነ ወይም በብዙ ሰው ፊት ከቀረበ፣ ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ቀርበው ጉዳዩ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ስለ ክፍያ ከሆነ የየትኛው ወር እንደሆነና መጠኑን፣ ስለ ቀሪ ከሆነ ቀናቱን በዝርዝር፣ ስለ ሥነ ምግባር ከሆነ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቀንና ትምህርት ቤቱ ያደረገውን እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። ሲሄዱ የባንክ ደረሰኞችን ይያዙ። የአሳዳጊነት ሁኔታ ወይም የስልክ ቁጥር ተለውጦ ከሆነ የምዝገባ ቅጹ በዚያው ዕለት እንዲታረም ያድርጉ። ትምህርት ቤቱ ምላሽ ካልሰጠዎ ጉዳዩን ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት፣ ቀጥሎም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማቅረብ ይችላሉ፤ የመጀመሪያውን መልእክት ሳይሰርዙ ያቆዩ።